የበሬው ክብደትና ሁለቱ ገማቾች

እ.ኤ.አ. በ1906 በእንግሊዟ የወደብ ከተማ ፕሊመዝ በተካሄደ የከብት ትርዒት ላይ አንድ የሰባ በሬ ለውድድር ቀረበ። ተወዳዳሪው ስድስት ፔኒ ከፍሎ ካርድ ይገዛል፤ በሬው ታርዶና ተበልቶ ሥጋው ሲመዘን ስንት እንደሚሆን ገምቶ በካርዱ ላይ ይጽፋል፤ በጣም የተጠጋው ይሸለማል። ከገማቾቹ መካከል ልኳንዳ ቤት ያላቸውና ከብት አርቢዎች ነበሩ፤ ከበሬ ጋር ከገበታ ውጭ ተገናኝተው የማያውቁም አልጠፉም። ያን ጊዜ ዕድሜው 80ን የተሻገረው ፍራንሲስ ጋልተን ውድድሩ ካለቀ በኋላ ካርዶቹን ተውሶ መረመራቸው። የማይነበቡት ከወጡ በኋላ 787 ግምት ቀረ።

ጋልተን ግምቶቹን ከትንሹ እስከ ትልቁ ደርድሮ መሀል ላይ የተቀመጠውን አነሳ፤ 1,207 ፓውንድ ነበር። ይህ መሀል ሰፋሪ ቁጥር ሚዲያን ይባላል፤ ግማሹ ግምት ከእሱ በታች፣ ግማሹ ከእሱ በላይ ነው። ሥጋው በሚዛን ላይ 1,198 ፓውንድ መጣ። ውጤቱ በ1907 «ኔቸር» በተባለው የሳይንስ መጽሔት ሲታተም ሁከር የተባለ አንባቢ ለምን ሁሉንም ደምሮ ለብዛታቸው በማካፈል አማካዩን እንዳልወሰደ ጠየቀ። ጋልተንም አማካዩን አስልቶ መለሰ፤ 1,197 ፓውንድ ሆነ። ሚዲያኑ በዘጠኝ ፓውንድ፣ ማለትም በአራት ኪሎ ገደማ ሲስት አማካዩ የሳተው በአንድ ፓውንድ ብቻ ነው።

ታዲያ አማካይ ይበልጣል ብሎ መዝገቡን መዝጋት ይቻላል? አይቻልም። አንድ በሬና አንድ ውጤት ስለ ዕለቱ ዕድል እንጂ ስለ ዘዴው ብዙ አይነግሩንም። የስታትስቲክስ ሰዎች «ገማች» የሚሉት ቁጥሩን ሳይሆን ቁጥሩን የሚያወጣውን ደንብ ነው፤ «ናሙናህን ደምረህ አካፍል» አንዱ ገማች ነው፣ «ደርድረህ መሀሉን አንሣ» ሌላው። ደንብ የሚፈረደው አንዴ በሰጠው መልስ ሳይሆን ሊደርሱት ይችሉ በነበሩት ናሙናዎች ሁሉ ላይ በሚያሳየው ጠባይ ነው። ስለዚህ ጠባይ የሚጠየቁት ጥያቄዎች ሦስት ናቸው። ዩኒቨርሲቲ ውስጥ «አንባያስድ»፣ «ኮንሲስተንት» እና «ኢፊሸንት» እየተባሉ ይነገራሉ፤ እዚህ ያልተዛባ፣ ወጥና ቆጣቢ እንበላቸው።

ሊደርሱ ይችሉ የነበሩ ናሙናዎችን ሁሉ በዓይን ለማየት አነስ ያለ ምሳሌ ይሻላል። አንድ ግቢ ውስጥ አምስት ተከራዮች አሉ እንበል፤ የወር ኪራያቸው 4፣ 6፣ 8፣ 10 እና 12 ሺህ ብር ነው። እውነተኛው አማካይ 8 ሺህ ነው፤ መሀል ያለውም 8 ሺህ ነው። አንድ ጠያቂ ግን ይህን አያውቅም፤ የሚያናግረውም ሦስት ተከራዮችን ብቻ ነው። ከአምስት ሰው ሦስት መምረጥ የሚቻለው በአሥር መንገድ ነው። 4፣ 6 እና 8 የሚከፍሉት ከደረሱት አማካዩም ሚዲያኑም 6 ይሆናሉ። 4፣ 6 እና 12 ከደረሱት አማካዩ 7.33 ሲሆን ሚዲያኑ አሁንም 6 ነው። እንዲህ እያልን አሥሩንም ብናዳርስ የአሥሩ አማካዮች አማካይ ልክ 8 ይሆናል። ሚዲያኖቹ ደግሞ ሦስቱ 6፣ አራቱ 8፣ ሦስቱ 10 ስለሚሆኑ እነሱም ሲደመሩና ሲካፈሉ 8 ይመጣሉ።

ያልተዛባ ማለት ይኸው ነው። ገማቹ አንዳንዴ ከእውነቱ በላይ፣ አንዳንዴ በታች ይስታል፤ ነገር ግን ስሕተቶቹ ናሙናዎች ሁሉ ተደምረው ሲታዩ ይጣፋሉ። አንዴ ወደ ሻጩ፣ አንዴ ወደ ገዢው እንደሚያጋድል ሚዛን ነው እንጂ ሁልጊዜ ወደ ሻጩ እንደሚያጋድል አይደለም። ኪራዮቹ ከመሀል ወደ ግራና ወደ ቀኝ እኩል የተዘረጉ በመሆናቸው እዚህ ላይ ሁለቱም ገማቾች ያልተዛቡ ናቸው።

አሁን አምስተኛው ክፍል ሱቅ ሆነ፤ ኪራዩም ከ12 ሺህ ወደ 32 ሺህ ወጣ እንበል። የግቢው አማካይ ኪራይ ወደ 12 ሺህ ያድጋል፤ መሀል ያለው ግን 8 ሺህ እንዳለ ነው። አሥሩን ናሙናዎች እንደገና ብናልፍባቸው የናሙና አማካዮቹ በአንድነት 12 ይሰጣሉ፤ አሁንም ያልተዛባ ነው። የናሙና ሚዲያኖቹ ግን በአንድነት 8 ይሰጣሉ። የምንፈልገው አማካዩን ኪራይ ከሆነ ሚዲያን በ4 ሺህ ብር ወደ ታች የተዛባ ገማች ሆነ ማለት ነው። አማካይ ይህን ያልተዛባነቱን በዘፈቀደ በተመረጠ በማንኛውም ናሙና ላይ አያጣም፤ የሕዝቡ ቅርጽ የተጣመመ ይሁን ቀጥ ያለ ግድ አይሰጠውም፤ ብቻ አማካይ የሚባል ነገር ይኑረው። ሚዲያን ግን ያልተዛባ የሚሆነው ቅርጹ ሲፈቅድለት ነው።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚያልፈው ነገር አለ። አማካዩ ያልተዛባ ነው ባልንበት ሱቅ ባለበት ግቢ አሥሩ ናሙናዎች የሚሰጡት አማካይ ምን ያህል ነው? ሱቁ ካልገባበት ናሙና የሚመጣው ከ6 እስከ 8 ሺህ ነው፤ ሱቁ ከገባበት የሚመጣው ከ14 እስከ 16.67 ሺህ ነው። ወደ እውነተኛው 12 ሺህ አንድም ናሙና ከ2 ሺህ ብር በላይ አልቀረበም! ያልተዛባው ገማች በአሥሩም ናሙና ይስታል፤ የሚስተካከለው በድምሩ ብቻ ነው። ጠያቂው ደግሞ በእጁ ያለው አንድ ናሙና እንጂ አሥር አይደለም። ስሕተቶቹን በስኩዌር አሳድገን አማካያቸውን ወስደን ስኩዌር ሩቱን ብናወጣ የአማካዩ የተለመደ ስሕተት 4,160 ብር ገደማ ነው። የተዛባው ሚዲያን፣ ያውም ሥራው ባልሆነው በ12 ሺህ ዒላማ ላይ ተፈትኖ፣ 4,290 ብር ገደማ ይስታል። ልዩነታቸው ይህን ያህል ብቻ ነው። «ያልተዛባ» የሚለውን ቃል «ትክክለኛ» ብሎ የሚያነብ ሰው በዚህ ምሳሌ ላይ ቆም ቢል ደግ ነው።

ሁለተኛው ጥያቄ ናሙናው እያደገ ሲሄድ ምን ይሆናል የሚል ነው። ወጥ ገማች የሚባለው ናሙናው በጨመረ ቁጥር ግምቱ ወደ እውነተኛው ቁጥር እየተሰበሰበ የሚሄድና ከዚያ ርቆ የመገኘት ዕድሉ ወደ ዜሮ የሚወርድ ነው። ይህ ካለመዛባት የተለየ ነገር ነው። ሺህ ሰው ጠይቆ የመጀመሪያውን ሰው መልስ ብቻ ይዞ ሌላውን የሚጥል ደንብ ብናወጣ ያልተዛባ ነው፤ ምክንያቱም የመጀመሪያው ሰው በዘፈቀደ እስከተመረጠ ድረስ ከአማካዩ በላይም በታችም ሊሆን ይችላል። ወጥ ግን አይደለም። ሺሁን ሚሊዮን ብናደርገው ግምቱ አንዲት ጋት አይሻሻልም።

እንደዚያ ግቢ ያሉ ግቢዎች የሞሉበት ሰፊ ከተማ ውስጥ ናሙናችንን ከመቶ ወደ ሺህ፣ ከሺህ ወደ መቶ ሺህ ብናሳድግ የናሙና አማካዩ ወደ 12 ሺህ፣ የናሙና ሚዲያኑ ወደ 8 ሺህ ይጠጋሉ። ሁለቱም ወጥ ናቸው፤ የሚጠጉት ግን ወደተለያየ ቁጥር ነው። ከከተማው ኪራይ በጠቅላላ ምን ያህል ግብር እንደሚሰበሰብ የሚያሰላ ባለሙያ በሚዲያኑ ቢያባዛ ናሙናው በበዛ ቁጥር በተሳሳተው መልስ ላይ ይበልጥ እርግጠኛ ይሆናል። አዲስ የመጣ ተከራይ ምን ያህል ማዘጋጀት እንዳለበት የሚጠይቅ ደግሞ አማካዩ 12 ሺህ ነው ቢባል ይሳሳታል፤ ከአምስቱ አራቱ የሚከፍሉት ከዚያ በታች ነውና። ስለዚህ «ወጥ ነው ወይ?» የሚለው ጥያቄ «የምንን?» ካልተጨመረበት ጎደሎ ነው።

አማካይ ጨርሶ ወጥነት የሚያጣበትም ቦታ አለ። ቀጥ ብሎ ከተዘረጋ ረጅም ግንብ አንድ ኪሎ ሜትር ርቆ የሚሽከረከር መብራት አለ እንበል። በዘፈቀደ ቅጽበት ብልጭ ይላል፤ ጨረሩ ግንቡን የመታበትን ቦታ እንመዘግባለን። ከምልክቶቹ ተነሥተን መብራቱ ከየትኛው የግንብ ነጥብ ትይዩ እንደቆመ እንገምት። ግማሹ ምልክት ከዚያ ነጥብ ግራና ቀኝ በአንድ ኪሎ ሜትር ውስጥ ያርፋል። ነገር ግን ጨረሩ ከግንቡ ጋር ወደ መወራረድ ሲቃረብ ምልክቱ አሥር፣ መቶ፣ አንዳንዴም ሺህ ኪሎ ሜትር ርቆ ይወድቃል። እንዲህ ያለውን ስርጭት ፈረንሳዊው ፖይሶን በ1824 አንሥቶት ነበር፤ ዛሬ የሚጠራው ግን ከ30 ዓመት ገደማ በኋላ በተከራከረበት በኮሺ ስም ነው።

የዚህ ስርጭት ነገር ጉድ ነው። የአሥር ሺህ ምልክቶች አማካይ ልክ እንደ አንድ ምልክት ይዋዥቃል። «እንደ» ያልኩት በግምት አይደለም፤ የሁለቱ ስርጭት አንድ ነው። ግምቱ ሊሰበሰብ ሲል አንድ ሩቅ ምልክት ይመጣና የተሠራውን ሁሉ ይንደዋል፤ ናሙናው በበዛ ቁጥርም የባሰ ሩቅ ምልክት የማግኘት ዕድሉ አብሮ ያድጋል። ሚዲያኑ ግን ሩቁ ምልክት መቶ ኪሎ ሜትር ይሁን ሺህ አይገደውም፤ የሚያየው በየትኛው ወገን እንደወደቀ ብቻ ነው። በመቶ ምልክት የተለመደ ስሕተቱ 157 ሜትር ገደማ ነው፤ በአሥር ሺህ ምልክት ወደ 16 ሜትር ይወርዳል። እንዲህ ያለ መረጃ ሲያጋጥም የሚታወቀው አማካዩን መረጃው በገባ ቁጥር እያሰሉ በመከተል ነው። ጤነኛ አማካይ እየረጋ ይሄዳል፤ ይህኛው ለጥቂት ጊዜ ይረጋና ድንገት ይዘላል፤ ደግሞ ይረጋል፤ ደግሞ ይዘላል።

ሦስተኛው ቁጠባ ነው። ሁለት ገማቾች ሁለቱም ያልተዛቡ፣ ሁለቱም ወጥ ከሆኑ የትኛው ከዚያው ናሙና ይበልጥ ይጠቀማል? ሱቅ ወዳልነበረበት ግቢ እንመለስ። ሁለቱም ወደ 8 ሺህ ያነጣጥሩ ነበር። የአማካዩ የተለመደ ስሕተት ግን 1,155 ብር ገደማ ሲሆን የሚዲያኑ 1,549 ብር ነው። አማካዩ ሦስቱንም ቁጥር በሙሉ መጠናቸው ስለሚጠቀም ነው፤ ሚዲያኑ ከመሀሉ ሌላ ሁለቱን «ከበታች»ና «ከበላይ» ብሎ ብቻ ያልፋቸዋል።

የደወል ቅርጽ ባለው ኖርማል ስርጭት ላይ ይህ ልዩነት ቁርጥ ያለ ዋጋ አለው። ናሙናው ሰፊ ሲሆን የሚዲያኑ የስሕተት ስኩዌር ከአማካዩ በፓይ ለሁለት፣ ማለትም በ1.57 እጥፍ ይበልጣል። በተግባር ሲታይ አማካዩ በመቶ ሰው ያገኘውን ትክክለኛነት ሚዲያን ለማግኘት 157 ሰው መጠየቅ አለበት። በየቤቱ ጠያቂ የሚልክ፣ አበልና ነዳጅ የሚከፍል ሰው ይህ ቁጥር ስንት ብር እንደሆነ ወዲያው ይገባዋል። «ቁጠባ» የሚለውን ሐሳብ፣ ከወጥነት ጋር፣ በጠራ መልክ አስቀምጦ የሰየመው ሮናልድ ፊሸር ነው፤ በ1922 ባሳተመው ጽሑፍ። በኖርማል ስርጭት ላይ ደግሞ ካልተዛቡት ገማቾች መካከል አማካይን በቁጠባ የሚበልጥ እንደሌለ በሒሳብ ተረጋግጧል።

የኖርማሉ ውጤት ብዙ ዓመት አማካዩን አንግሦ ኖረ። ችግሩ እውነተኛ መረጃ ንጹሕ ኖርማል አለመሆኑ ነው። ዜሮ ተጨምሮበት የተጻፈ ቁጥር፣ ብር ሲጠየቅ ሳንቲም የመለሰ ሰው፣ በደከመው ጠያቂ የተሞላ ቅጽ አይጠፋም። አሜሪካዊው ጆን ቱኪ በ1960 ባወጣው ጽሑፍ ያሳየው ጥቂት ብክለት እንኳ የገማቾችን ደረጃ እንደሚገለብጥ ነው። ስሌቱን በእኛ ሁለት ገማቾች ላይ እናድርገው። አብዛኞቹ ልኬቶች ጥሩ ናቸው፤ ጥቂቶቹ ግን እዚያው መሀል ላይ ቢያነጣጥሩም ስርጭታቸው አሥር እጥፍ ሰፊ ነው እንበል። ከሺህ ልኬት ስድስቱ ብቻ እንዲህ ቢበከሉ አማካይና ሚዲያን በቁጠባ እኩል ይሆናሉ። ከመቶ አንዱ ቢበከል ሚዲያን በግልጽ ይቀድማል። ብክለቱ ለስለስ ያለ፣ ሦስት እጥፍ ብቻ የሰፋ ከሆነ ደግሞ አማካዩ መሪነቱን ሳያጣ እስከ አሥር በመቶ ይቋቋማል።

ከሺህ ስድስት የተበላሸ ልኬት የሌለበት ጥናት ካለ እሰየው ነው። በሌላ በኩል ይህን ይዞ «እንግዲያው ሁልጊዜ ሚዲያን» ማለትም ትክክል አይመስለኝም። ግልጽ የጽሕፈት ስሕተት ወደ ቅጹ ተመልሶ ማረም ይቻላል፤ ሱቁ የሚከፍለው 32 ሺህ ብር ግን ስሕተት አይደለም፤ እውነተኛ ኪራይ ነው። ሩቁን ቁጥር ችላ ማለት በመጀመሪያው ጉዳይ ብልህነት ሲሆን በሁለተኛው የግቢውን ገቢ ግማሽ መደበቅ ነው፤ ከ60 ሺህ ብር 32ቱ የሱቁ ነውና። ቀመር ይህን ልዩነት አይነግረንም፤ ቁጥሩ ከየት እንደመጣ የሚያውቅ ሰው ነው የሚነግረን።

አሁን ወደ ፕሊመዝ መመለስ ይቻላል። ጋልተን ሚዲያንን የመረጠው ያለ ምክንያት አይደለም። ኮሚቴ አንድን የገንዘብ መጠን በድምፅ ሲወስን አማካይ ቢወሰድ በጣም የተጋነነ ቁጥር የሚጠራ ሰው ከሌላው የበለጠ ኃይል ያገኛል፤ ስለዚህ ለእያንዳንዱ ሰው እኩል ድምፅ የሚሰጠው መሀሉ ነው ብሎ ያምን ነበር። በበሬው ውድድር መካከለኛው ግማሽ ገማች ያረፈው በ1,162 እና በ1,236 ፓውንድ መካከል ነው። ከዚህ ስፋት ተነሥቶ ሲሰላ በ787 ሰው የሚዲያኑ የተለመደ ስሕተት ሁለት ፓውንድ ተኩል ያህል ነው። የሳተው ግን በዘጠኝ ነው። ይህ ከናሙና ማነስ የመጣ መዋዠቅ ሊሆን አይመስልም፤ ከሦስት እጥፍ በላይ ነውና። የዚያ ሕዝብ ግምት ቅርጹ ጥቂት የተጣመመ ነበር ማለት ነው፤ መሀሉ ራሱ ከእውነተኛው ክብደት ላይ አልተቀመጠም። ሌላ ሰባት ሺህ ሰው ካርድ ቢገዛ ሚዲያኑ በዚያው በ1,207 ዙሪያ ይበልጥ ይረጋ ነበር እንጂ ወደ 1,198 አይመጣም። አማካዩ የቀረበውም ግምት ሰጪዎቹ ወደ ታች ያዛቡት ከወደ ላይ ካዛቡት ጋር ስለተጣፋ ነው፤ በሌላ በሬ፣ በሌላ ትርዒት ላይ ይህ እንዲደገም የሚያስገድድ ሕግ የለም።

የደመወዝ፣ የኪራይ ወይም የዋጋ ጥናት በእጅዎ ሲገባ ከተቻለ ሁለቱንም ያስሉ። ሁለቱ ተቀራርበው ከመጡ አማካዩን ይያዙ፤ ናሙናውን የሚቆጥበው እሱ ነው። ተራርቀው ከመጡ ግን አንዱን ከመምረጥዎ በፊት ቁጥሮቹን ደርድረው ጫፍ ላይ ያሉትን አሥሩን አንድ በአንድ ይመልከቱ፤ የተሳሳተ ካለ ያርሙ፤ ሁሉም እውነት ከሆኑ የሚፈልጉት ድምሩን ይሁን መሀለኛውን ሰው ይወስኑና ሁለቱንም ቁጥር ጎን ለጎን ያትሙ።